ጨለማን የሚሻው ዳርቻ፦ የባህር ኤሊ የሕይወት ዑደትና የመራቢያዋ አደጋዎች

በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በዋታሙ፣ ጎህ ሲቀድ አሸዋው ላይ ዱካ እየፈለጉ የሚመላለሱ ሰዎች አሉ። የሚፈልጉት ዱካ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የትራክተር ጎማ ያለፈበት የሚመስል፣ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ሌሊት አንዲት ትልቅ የባህር ኤሊ እንቁላል ለመጣል ወጥታ መመለሷን ይናገራል። ሁለተኛው ከሰው መዳፍ የጠበበ፣ ነፋስ ትንሽ ቢነፍስ የሚጠፋ ነው። ከአሸዋ ውስጥ የተፈለፈሉ ጨቅላ ኤሊዎች ወደ ውኃው ሲሮጡ የሚተዉት ነው።

የዚህ የሁለተኛው ዱካ ቅርጽ ብዙ ነገር ይናገራል። ጤናማ በሆነ ዳርቻ ላይ የመቶ ጨቅላዎች ዱካ ከአንድ ጉድጓድ ተነሥቶ፣ ጥቂት ብቻ እየሰፋ፣ በቀጥታ ወደ ባህሩ ይወርዳል። በአቅራቢያው የሆቴል ወይም የመንገድ መብራት ካለ ግን ዱካው እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ይበተናል። አንዳንዱ ዞሮ ዞሮ ክብ ይሠራል፣ አንዳንዱ ባህሩን ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቁጥቋጦው ይሄድና እዚያው ይጠፋል። ዱካውን የሚያነብ ሰው ሌሊቱን ባያይም፣ የተፈለፈሉት ስንት ያህሉ ውኃ እንደደረሱና ያልደረሱትን ምን እንዳሳታቸው በዚህ ይገምታል።

የባህር ኤሊ ዕድሜዋን ሁሉ ማለት ይቻላል የምታሳልፈው በውኃ ውስጥ ነው። ከአሸዋ ጋር የሚያገናኛት ጊዜ ሲደመር እጅግ አጭር ነው፦ በእንቁላልነት ሁለት ወር ያህል፣ ከተፈለፈለች በኋላ ጥቂት ደቂቃዎች፣ ከዚያም ሴቷ ለአካለ መጠን ስትደርስ በየጥቂት ዓመቱ ለጥቂት ሌሊቶች የምታደርገው ጉብኝት ነው። ወንዱ አንድ ጊዜ ባህር ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ወደ የብስ አይመለስም። ይሁን እንጂ የዝርያው ህልውና የሚወሰነው በዚህች አጭር ጊዜ ነው።

ከአሸዋ ወደ ውቅያኖስ፣ ከውቅያኖስ ወደ አሸዋ

በዓለም ላይ ሰባት የባህር ኤሊ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ አምስቱ በምዕራባዊ የሕንድ ውቅያኖስ ይገኛሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እንቁላል ስትጥል በብዛት የምትታየው አረንጓዴ የባህር ኤሊ የምትባለው ናት። ስሟን ያገኘችው ከጀርባዋ ቀለም ሳይሆን ከቆዳዋ በታች ካለው አረንጓዴያማ ስብ ነው። በቀይ ባህር፣ የኤርትራን የዳህላክ ደሴቶች ጨምሮ፣ እንደ ጭልፊት መንቆር የሾለ አፍ ያላት ሌላ ዝርያም ትራባለች። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የአረንጓዴዋን ሕይወት ነው።

ጨቅላዋ ከእንቁላሉ ስትወጣ ርዝመቷ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። ውኃው ላይ እንደደረሰች አንድ ቀንና ሌሊት ያህል ሳታቋርጥ ትዋኛለች። ለዚህ ጉዞ ስንቋ በሆዷ ውስጥ የቀረው የእንቁላሉ አስኳል ነው። የዳርቻው ጥልቀት የሌለው ውኃ በዓሣና በአሞራ የተሞላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፍጥነት መውጣቷ የሞት ወይም የሕይወት ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ በውቅያኖሱ ጅረቶች እየተንሳፈፈች፣ ያገኘችውን ትንንሽ እንስሳና ተክል እየበላች፣ ጥቂት ዓመታት ከሰው ዓይን ተሰውራ ታሳልፋለች።

ጀርባዋ የሰሃን ያህል ሲሰፋ ወደ ዳርቻ ትመለሳለች፤ ምግቧም በአብዛኛው የባህር ሣር ይሆናል። በዚህ አመጋገብ ዕድገቷ አዝጋሚ ነው። ለመራባት የምትደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የምትቆይም አለች። ከሺህ ጨቅላዎች መካከል እዚህ ዕድሜ የምትደርሰው አንዲት ብቻ እንደሆነች በተለምዶ ይነገራል። ስሌቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ እናቲቱ በአንድ ወቅት ብዙ መቶ እንቁላሎች የምትጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመራባት የደረሰች ኤሊ የምትሄደው እርሷ ራሷ ወደ ተፈለፈለችበት አካባቢ ነው። መንገዱን ለማግኘት የሚረዳት የመሬት መግነጢሳዊ መስክ እንደሆነ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ጨቅላ ሳለች የቦታውን መግነጢሳዊ ምልክት ትይዛለች፣ ከአሥርታት በኋላም ያንኑ ተከትላ ትመጣለች። የምትመገብበትና የምትራባበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተራራቀ ነው። እ.አ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በሕንድ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው በዲዬጎ ጋርሺያ ደሴት እንቁላል ከጣሉ በኋላ ሳተላይት የሚከታተለው መሣሪያ የተገጠመላቸውን ኤሊዎች ጉዞ መዝግቧል። ከእነርሱ አንዷ ከ3,900 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝታ ሶማሊያ ዳርቻ ደርሳለች። የሶማሊያን የባህር ሣር የምትመገብ ኤሊ እንቁላሏን የምትጥለው በሌላ መንግሥት አስተዳደር ሥር ባለ ደሴት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እንቁላል የምትጥልበት ሌሊት

ከውኃው ስትወጣ እጅግ ጠርጣራ ናት። በማዕበሉ ዳር ቆም ብላ አንገቷን ታነሣለች። በዚህ ሰዓት የሚንቀሳቀስ ሰው ወይም የእጅ ባትሪ ብርሃን ካየች ዞራ ትመለሳለች። ችግር ካላየች በፊት እግሮቿ ከባድ ሰውነቷን እየጎተተች ባህሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር በላይ ትወጣለች። መጀመሪያ ሰውነቷ የሚገባበትን ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ ትጠርጋለች፣ ቀጥላ በኋላ እግሮቿ ብቻ፣ ሳታይ፣ እንደ እንስራ ከታች ሰፋ ያለ ጉድጓድ ትቆፍራለች። አሸዋው በጣም ደረቅ ከሆነ ግድግዳው እየተናደ ያስቸግራታል። ሥር ወይም ድንጋይ ካጋጠማትም ትታው ሌላ ቦታ ትሞክራለች።

ጉድጓዱ ሲያልቅ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያካክሉ 110 ያህል እንቁላሎች ትጥላለች። አንዴ መጣል ከጀመረች በአካባቢዋ ለሚሆነው ነገር ደንታ የላትም፤ ተመራማሪዎች የሚለኳትና መለያ ቁጥር የሚያስሩላት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ጉድጓዱን ትደፍናለች፣ የቦታውን ምልክት ለማጥፋትም ዙሪያውን አሸዋ ትበትናለች። ሥራው በጠቅላላ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሳ ሌላ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ በአንድ ወቅት ሦስት ወይም አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትመላለሳለች። ከዚያም ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመታት አትታይም። ልጆቿን ደግሞ ጨርሶ አታያቸውም።

እንቁላሉ ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ የፅንሱ ዕድገት ለጊዜው ቆሞ ነው። አየር ሲያገኝ እንደገና ይጀምራል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ፅንሱ ከቅርፊቱ የውስጥ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ እንቁላሉን ማገላበጥ ፅንሱን ይገድላል። ይህ ትንሽ የሚመስል ዝርዝር ጉዳይ እንቁላሎችን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ለሚሞክሩ ሰዎች ወሳኝ እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለሁለት ወር ገደማ የሚሞቃቸው አሸዋው ነው። የአሸዋው ሙቀት ጾታቸውን ጭምር ይወስናል። በመካከለኛው የዕድገት ጊዜ ሙቀቱ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ ወንድም ሴትም ይወለዳሉ፣ ከዚያ ሲሞቅ ሴቶች ይበዛሉ፣ ሲቀዘቅዝ ወንዶች። በአውስትራሊያ የታላቁ ኮራል ዐለት ሰሜናዊ ክፍል የተወለዱ ወጣት ኤሊዎችን የመረመረ፣ እ.አ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት 99 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ሆነው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ ዳርቻው ላይ ጥላ የሚጥል ዛፍ መኖሩና መቆረጡ፣ ወይም ጉድጓዱ ከፍ ባለና ዝቅ ባለ ቦታ መሆኑ የሚፈለፈሉትን ጨቅላዎች ጾታ ይለውጣል።

ሲፈለፈሉ አንድ በአንድ አይወጡም። ከላይ ያሉት ጣሪያውን ይንዳሉ፣ ከታች ያሉት የወደቀውን አሸዋ ይረግጣሉ፤ ሁሉም አብረው እንደ አሳንሰር ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህ ጥቂት ቀናት ይወስዳል። ከአሸዋው ወለል በታች ሲደርሱ ሙቀቱ ከበዛባቸው ፀጥ ይላሉ። አሸዋው ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ፣ በአንድነት ይወጣሉ። ሰዓቱን የሚነግራቸው ሙቀት እንጂ ብርሃን አይደለም።

አቅጣጫውን የሚነግራቸው ግን ብርሃን ነው

ጨቅላ ኤሊዎች ጨረቃን ተከትለው ባህር ይገባሉ የሚል አባባል በሰፊው ይሰማል። እውነቱ ከዚህ ይለያል። ጨረቃ አንዳንድ ሌሊት በባህሩ በኩል፣ አንዳንድ ሌሊት በየብሱ በኩል ናት፣ ጭራሽ የማትወጣበት ሌሊትም አለ። በጨረቃ ቢመሩ ኖሮ ዝርያቸው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። እነርሱ የሚያነጻጽሩት ከአሸዋው ጥቂት ከፍ ብሎ የሚታየውን የአድማስ ሰፊ ክፍል ነው። ውኃ የከዋክብትን ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ በባህሩ በኩል ያለው አድማስ ዝቅ ያለና የፈካ ነው። በየብሱ በኩል ያለው ደግሞ ዛፍና የአሸዋ ጉብታ ስለሚሸፍነው ከፍ ያለና ጨለማ ነው። ጨቅላዋ ከጨለማው ትሸሻለች፣ ወደፈካው ትሮጣለች። መብራት ባልነበረበት ዘመን ይህ ሕግ አንድም ቀን የሚያሳስት አልነበረም።

አንድ የሆቴል አምፖል ይህን ሚዛን ይገለብጠዋል። ለሰው ደብዘዝ ያለው መብራት እንኳ ከከዋክብት ነጸብራቅ ጋር ሲወዳደር እጅግ ብሩህ ነው። የጨረቃ ሚና የሚታየው እዚህ ላይ ነው፦ ሙሉ ጨረቃ አድማሱን ሁሉ ስለምታፈካ የአምፖሉ ኃይል ይቀንሳል፣ ስህተቱም ያንሳል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ግን አምፖሉ ብቻውን ይገዛል። ስለዚህ የአንድን ዳርቻ ጉዳት ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ሳምንት ብቻ ተመልክቶ ችግር የለም ቢል ይሳሳታል።

መንገድ የሳተችው ጨቅላ የምትሞተው በብዙ መንገድ ነው። ለአንድ ቀንና ሌሊት ዋና የተቀመጠላትን ስንቅ አሸዋ ላይ በከንቱ ትጨርሳለች። ሸርጣን፣ ድመትና ውሻ ያገኟታል። በመንገድ ላይ መኪና ይደፈጥጣታል። እስኪነጋ የተረፈችውን ፀሐይ ያደርቃታል። ውኃ የገባችውም ቢሆን ገና አልዳነችም፤ በወደብ ወይም በቆመ ጀልባ ላይ ያለ ብርቱ መብራት መልሶ ሊስባት፣ ዓሣዎች በሚጠብቁበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ሊያቆያት ይችላል።

እናቲቱም ብትሆን ከብርሃን አታመልጥም። ብሌር ዊዘሪንግተን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፍሎሪዳና በኮስታሪካ ዳርቻዎች ያደረጉት ሙከራ በዚህ መስክ ደጋግሞ ይጠቀሳል። በዳርቻው ላይ በተለያዩ ሌሊቶች ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የሜርኩሪ መብራት፣ ቢጫ ብርሃን ብቻ የሚሰጥ የሶዲየም መብራት፣ ወይም ያልበራ አምፖል አኖሩ። ነጩ መብራት በበራባቸው ሌሊቶች እንቁላል የሚጥሉ ኤሊዎች እጅግ ጥቂት ሆኑ። በቢጫው መብራት ጊዜ ግን ቁጥራቸው ከጨለማው ሌሊት ጎልቶ የሚለይ አልነበረም። እ.አ.አ. በ1992 የታተመው ይህ ውጤት ዛሬ በብዙ አገሮች ለሚሠራበት መመሪያ መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው።

ምክንያቱ የኤሊ ዓይን ነው። ዓይኗ ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃንን አጥርቶ ያያል፣ ብርቱካናማና ቀይ ብርሃንን ግን እምብዛም አያስተውልም። ነጭ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል፣ በተለይም «ቀዝቃዛ ነጭ» ተብሎ የሚሸጠው፣ ሰማያዊ ብርሃን የበዛበት በመሆኑ ለዚህ ዓይን ከሁሉ የከፋ ነው። ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ተብሎ በየዳርቻው የተተከለው አምፖል በኤሊዎች በኩል ሲታይ ከቀድሞው ቢጫ መብራት የባሰ መሆኑ ጥቂት ሰዎች ያስተዋሉት ጉዳይ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፣ ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚጠየቀው መብራቱ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው፤ ማንም የማይጠቀምበት የጓሮ መብራት በመራቢያው ወቅት ቢጠፋ የሚጎዳ የለም። የሚያስፈልግ ከሆነ ዝቅ ብሎ ይተከላል፣ ብርሃኑ መሬት ላይ ብቻ እንዲያርፍ ከላይና በባህሩ በኩል ይሸፈናል። በመጨረሻ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል። ብዙዎች ከሦስተኛው ይጀምራሉ፤ አምፖሉን ቀይረው ሥራው አለቀ ይላሉ። ሳይሸፈን የተተወ ብርቱ ብርቱካናማ መብራት ግን ጉዳቱ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አይጠፋም። በመስኮት የሚወጣ የክፍል መብራትም የሚቆጠር ስለሆነ መጋረጃ መዝጋት ራሱ እርምጃ ነው።

ውጤቱን ለመፈተሽ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት አሸዋው ላይ በደረት ተኝቶ፣ ዓይንን ወደ ጨቅላ ኤሊ ከፍታ አውርዶ ወደ የብሱ ማየት ነው። ከዚያ ሆኖ በቀጥታ የሚታይ ማንኛውም አምፖል ኤሊዋም የምታየው ነው። ቆሞ ሲታይ በአጥር የተሸፈነ የሚመስለው መብራት ተኝቶ ሲታይ ከቅርንጫፎቹ ሥር ብቅ ሊል ይችላል። በዚህ ዘዴ የማይፈታው የሩቅ ከተማ ብርሃን ነው። ከዳመናና ከአቧራ ላይ ተንጸባርቆ ሰማዩን የሚያቀላው ይህ ፍካት ከብዙ ኪሎ ሜትር ይታያል፤ አንድ ሆቴል ብቻውንም ሊያጠፋው አይችልም። በፍሎሪዳ የአካባቢ መስተዳድሮች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የዳርቻ መብራትን በሕግ መቆጣጠር የጀመሩት ለዚህ ነው።

በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ጨለማ የተጠበቀበትን ዳርቻ በቅርብ ማየት ይችላሉ። ኦማን ራስ አል ጂንዝ የተባለውን የአረንጓዴ ኤሊዎች መራቢያ እ.አ.አ. በ1996 በንጉሣዊ ድንጋጌ ጥብቅ ቦታ አድርጋዋለች። ጎብኚ ሌሊት ወደ አሸዋው የሚወርደው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፣ የካሜራ ብልጭታም የተከለከለ ነው።

አሸዋው ራሱ ሲሄድ

የዳርቻ አሸዋ መንቀሳቀስ በራሱ በሽታ አይደለም። በኬንያና በታንዛኒያ ዳርቻ ሁለት ነፋሳት ይፈራረቃሉ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ከደቡብ የሚነፍሰውን ኩሲ፣ ከሰሜን የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል። አንዱ ከዳርቻው አንድ ጫፍ ያነሣውን አሸዋ ሌላው ይመልሰዋል። ኤሊዎች ከዚህ ጋር ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ኖረዋል፤ እንቁላላቸውን በተለያዩ ጉድጓዶች ከፋፍለው የሚጥሉበት አንዱ ጥቅምም አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ማድረጉ ነው። ችግሩ የሚመጣው የሄደው አሸዋ መመለስ ሲያቅተው ነው።

ጉዳዩን በአንድ ጉድጓድ እንየው። በዚህ አካባቢ ባህሩ በብርቱ ሲሞላና ሲጎድል በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። ይህ ብርቱ ሙላት የሚመጣው አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ በሆነች ጊዜ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ነው። አንዲት ኤሊ ሙላቱ ደካማ በሆነበት ሌሊት ወጥታ፣ የዕለቱን የውኃ መስመር አልፋ እንቁላሏን ትጥል እንበል። እንቁላሎቹ 60 ቀን አሸዋ ውስጥ ይቆያሉ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ብርቱው ሙላት አራት ጊዜ ይመጣል። ዳርቻው ሰፊና ተዳፋት ከሆነ ውኃው ሳይደርስባቸው ይመለሳል፣ ወይም ለጥቂት ደቂቃ ያረጥባቸዋል። ዳርቻው በመሸርሸር ጠቦ ከሆነ ግን አራቱም ጊዜ ውኃው ላያቸው ላይ ይቆማል። እንቁላል በቅርፊቱ በኩል ይተነፍሳል፤ በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ውኃ ሲሞላው ኦክስጅን አይደርሰውም፣ ፅንሱም ይታፈናል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ከላይ አይታይም፤ ጉድጓዱ እንዳለ ነው፣ ቀኑ ሲደርስ ግን የሚወጣ የለም።

ዳርቻውን ለማዳን ተብሎ የሚሠራው የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግንብ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። ተዳፋት አሸዋ የማዕበሉን ኃይል ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ቀጥ ያለ ግንብ ግን መልሶ ይወረውረዋል፣ የተመለሰው ውኃም ከግንቡ ሥር ያለውን አሸዋ ይዞ ይሄዳል። ከግንቡ ጀርባ የተቆለፈው አሸዋ ደግሞ ዳርቻውን መመገብ ያቆማል። ባለቤቱ ቤቱን ያተርፋል፣ ፊቱ ያለውን ዳርቻ ግን ያጣል፤ የጎረቤቱም አሸዋ በግንቡ ጫፍ በኩል ይሸረሸራል። እንቁላል ለመጣል የወጣች ኤሊ ግንቡ ጋ ስትደርስ ወይ ትመለሳለች፣ ወይ ከሥሩ፣ ውኃ በሚደርስበት ቦታ ትጥላለች። ለግንባታ አሸዋ መጫንና በዳርቻው የሚሳቡትን ተክሎች መንቀልም ወደዚያው የሚያደርሱ ናቸው። ለመዋኛ ውበት ተብሎ የሚጠረገው ሐረግ አሸዋውን አስሮ የያዘው መሆኑን ባለሆቴሎች የሚረዱት ብዙ ጊዜ ከዝናብና ከነፋስ ወቅት በኋላ ነው።

ውኃ ይደርስበታል ተብሎ የሚፈራን ጉድጓድ ማዛወር ይቻላል። በዋታሙ በዚህ ሥራ የተሰማሩት የአካባቢው ጥበቃ ሠራተኞች የሚመርጡት ግን እንቁላሉን በነበረበት መተው ነው፤ ማዛወር የመጨረሻ አማራጭ ነው። የሚዛወር ከሆነ በተጣለ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ አንድ በአንድ፣ ላዩ ላይ እንደሆነ ሳይገለበጥ ይነሣል። የሚቀበለው ጉድጓድም የእናቲቱን ጥልቀትና ቅርጽ መያዝ አለበት፤ በጣም ጥልቅ ካልሆነ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ጾታውን ይለውጣል። በጥንቃቄ ቢሠራ እንኳ ከተዛወሩት የሚፈለፈሉት ባልተነኩት ልክ ላይሆኑ ይችላሉ። ብዙ ጉድጓድ በአንድ አጥር ውስጥ መሰብሰብም ሻጋታንና አዳኝ እንስሳትን ይጋብዛል።

ዳርቻው በጠቅላላ ከተበላሸ መጠገኑ ምን ያህል እንደሚከብድ የዓለማችን ትልቁ የአረንጓዴ ኤሊዎች መራቢያ ያሳያል። ይህ ቦታ በአውስትራሊያ የምትገኘው የሬይን ደሴት ነው። በደሴቲቱ በአንድ ወቅት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ይወጣሉ፤ ይሁን እንጂ አሸዋው ቅርጹን በመለወጡ ጉድጓዶቹ በውኃ ይጥለቀለቁ ነበር፣ የሚፈለፈሉትም እጅግ አነሱ። በ2014 እና በ2017 አሸዋው በከባድ ማሽን እየተገፋ ከፍ እንዲል ተደረገ፣ ኤሊዎች ከትንሽ ገደል እየወደቁ እንዳይሞቱም አጥር ተሠራ። ሰው የማይኖርባት ደሴት ስለሆነች ይህን ማድረግ ተችሏል። ሆቴል በተደረደረበት ዳርቻ ላይ ግን አሸዋው ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ ራሱ የለም።

የዘገየ ምስክር

እ.አ.አ. በጥቅምት 2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አረንጓዴዋን ኤሊ ከአደጋ ላይ ከወደቁ ዝርያዎች መዝገብ አውጥቶ ስጋቱ ዝቅተኛ ወደሆነው ደረጃ አዛውሯታል። ምክንያቱ በዓለም ደረጃ ቁጥሯ ማገገሙ ነው። በአካባቢያችን ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው አልዳብራ ናት። በዚህች የሲሸልስ ደሴት ከ1968 ጀምሮ አረንጓዴ ኤሊን መግደል የተከለከለ ሲሆን፣ በአራት አሥርታት ውስጥ የጉድጓዶቹ ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ጭልፊት አፍ ያላት ዝርያ ግን ዛሬም በከፋ አደጋ ላይ ናት፤ አረንጓዴዋም ብትሆን በሁሉም ዳርቻ እኩል አላገገመችም።

እዚህ ላይ አኃዝ ሲነበብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዘንድሮ አሸዋ ላይ የወጡት እናቶች የተፈለፈሉት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቁጥራቸው የሚመሰክረው ስለዚያን ጊዜው ዳርቻ እንጂ ስለዛሬው አይደለም። አንድ ዳርቻ መብራትና ግንብ ተሠርቶበት ጨቅላ ማውጣት ቢያቆም እንኳ፣ በፊት የተወለዱት ሴቶች እየተመለሱ ጉድጓድ መቆፈራቸውን ለአሥርታት ይቀጥላሉ፤ ቆጣሪውም ቁጥሩ አልቀነሰም ብሎ ይመዘግባል።

ለዚህ ነው የጉድጓድ ቁጥር ብቻውን የማይበቃው። ጨቅላዎቹ ከወጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሠራተኞች ጉድጓዱን እንደገና ከፍተው የቀረውን ይቆጥራሉ። ባዶ ቅርፊቶች የተፈለፈሉትን ይነግራሉ። ያልተፈለፈሉት ተከፍተው ፅንሱ በየትኛው ዕድሜ እንደቆመ ይታያል፦ ብዙዎቹ በአንድ ዕድሜ ላይ ሞተው ከተገኙና ያ ቀን ብርቱ ሙላት ከነበረበት ሌሊት ጋር ከገጠመ፣ የገደላቸው ውኃ መሆኑ ይጠረጠራል። ቅርፊቶቹ 100 ሆነው ወደ ባህሩ የወረደው ዱካ 20 ብቻ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ከአሸዋው ወደ መብራቱ ይዞራል። አልፎ አልፎም ከጉድጓዱ ግርጌ፣ ከሥር ተጠላልፎ መውጣት ያልቻለ በሕይወት ያለ ጨቅላ ይገኛል። እስኪመሽ በጥላ ይቆይና፣ ራሱ እንዲሮጥ ከውኃው ትንሽ ራቅ ተደርጎ አሸዋው ላይ ይለቀቃል።